ከአንድ ሺህ ድርሃም እማዬ እጅ የሚገባው ስንት ነው? ከጥር እስከ መጋቢት 2017 የተያዘ የሐዋላ ማስታወሻ

ጥር 2

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ወሬ ነው። ታናሽ እህቴ ብርቄ ሻርጃ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። በየወሩ ለእማዬ 1,000 ድርሃም ትልካለች። እማዬ የምትኖረው መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ። እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ የምልከው ሁልጊዜ አንድ ነው። እማዬ የሚደርሳት ግን በየወሩ ይለያያል። የቱ ጋ ነው የሚቀረው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሰው ሒሳብ ስሠራ እውላለሁ፤ የገዛ እህቴን ላብ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አስልቼው አላውቅም። አፈርኩ። በዚያው ምሽት ደብተር ከፈትኩ።

ተነጋግረን ወሰንን። ብርቄ ለእማዬ ቤት ክዳን ብላ ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ። ከሱም ጨምራ ሦስት ጊዜ 1,000 ድርሃም ትልካለች። አንዱን በሐዋላ ቤት፣ አንዱን በባንክ፣ አንዱን ወደ እማዬ የስልክ ዋሌት። ደንባችን አንድ ነው። ክፍያውም ሌላውም ሁሉ ተጨምሮ ከብርቄ ኪስ የሚወጣው 1,000 ብቻ ይሆናል። የምንለካው ደግሞ እማዬ ቤቷ ተመልሳ የምትቆጥረውን ብር ነው።

ጎረቤት የሚለውን በእጅ መላክ ከልኬቱ አውጥተነዋል። ሕጋዊ አይደለም። ደረሰኝም የለውም። ገንዘቡ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ጥር 4

ከመላክ በፊት መለኪያ ያስፈልጋል። «ስንት ቀረ?» ለማለት መጀመሪያ «ምንም ባይቀር ስንት ይደርስ ነበር?» የሚለውን ማወቅ አለብኝ።

እዚህ ላይ ድርሃም ትልቅ ምቾት አለው። የኤምሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ማንም ሰው ለብርቄ ዶላርን ከ3.6725 በላይ ከሸጠላት፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የሻጩ ትርፍ ነው። ገበያ ወጣ፣ ገበያ ወረደ የሚባል ሰበብ የለውም።

በብር በኩል ያለው እንደዚህ ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የዶላርን ዋጋ የሚተምነው ብሔራዊ ባንክ ስለነበር የባንኮቹ ተመን እምብዛም አይራራቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ተመኑን ባንኮቹ ራሳቸው ያወጣሉ። የዛሬው የአንዱ ባንክ ዋጋ ከሌላው ይለያል። ብሔራዊ ባንክ ግን በየቀኑ አመልካች ተመን ያወጣል። እኔ መለኪያ ያደረግኩት እሱን ነው።

ተመኑ ከቀን ቀን ትንሽ ስለሚለዋወጥ፣ ለማነጻጸር እንዲመች ሁሉንም ወደ አንድ ተመን አምጥቼ ነው የምጽፈው። አንድ ዶላር በ125 ብር። እንግዲህ 1,000 ድርሃም ለ3.6725 ሲካፈል 272.29 ዶላር ይሆናል። በ125 ሲባዛ 34,037 ብር። ለአንድ ድርሃም 34.04 ብር ማለት ነው።

ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን በትልቁ ጻፍኩት፦ 34,037። ከዚህ በታች የሚደርሰው ሁሉ ጉድለቱ ወጪ ነው፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን።

ጥር 6

ብርቄ በሐዋላ ቤት ላከች። ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የአገልግሎት ክፍያ 20 ድርሃም፣ በላዩ 5 በመቶ ቫት 1 ድርሃም፣ በድምሩ 21። የቀረው 979 ነው። ተመኑ ለአንድ ድርሃም 33.15 ብር ይላል። እማዬ የምትቀበለው 32,454 ብር።

ደረሰኙን አይቼ ደስ አለኝ፤ የሚደርሰው ብር ቁርጡ ተጽፏል። ነገ ተመኑ ቢቀየር እንኳ ይህ አይነካም።

ግን ልብ በሉ፣ ብርቄ ከደረሰኙ ላይ ያየችው ወጪ 21 ድርሃም ብቻ ነው። እሱ ወደ ብር ሲመለስ 715 ብር ነው። ከ34,037 ላይ የጎደለው ግን 1,583 ብር ነው። የቀረው 868 ብር የት ሄደ? ተመኑ ውስጥ ነው። 34.04 መሆን የነበረበት 33.15 ሆኗል። ለእያንዳንዱ ድርሃም 89 ሳንቲም ገደማ ተቀንሷል። ደረሰኙ ላይ «ክፍያ» ተብሎ አልተጻፈም፤ ከተጻፈው ክፍያ ግን ይበልጣል።

ይህን ለብርቄ ሳስረዳት ዝም አለች። ከዚያ «ስድስት ዓመት ሙሉ ክፍያው የት ነው ትንሽ እያልኩ ቤት ሳማርጥ ነበር» አለች። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ጥር 7

እማዬ መሐል ሜዳ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ችግሩ ስም ነው። መታወቂያዋ ላይ ስሟ Tsehaynesh ተብሎ ነው የተጻፈው። ብርቄ ደግሞ Tsehainesh ብላ ነው ያስሞላችው። ሁለቱም ፀሐይነሽ ነው። ለሚከፍለው ሰው ግን ሁለት ሴቶች ናቸው። የአያት ስምም አልተሞላም ነበር።

ከፋዩ ላይ አልፈርድም። ስም ሳይገጥም ቢከፍልና ሌላ ሰው ቢወስደው ተጠያቂው እሱ ነው። ማረም የሚችለው የላከው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከላከበት ቦታ። ብርቄ የእረፍት ቀኗ እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ አሠሪዋን ለምና በነጋታው ሄዳ አሳረመችው።

ለእማዬ ግን አንድ ቀን ነው የሄደባት። የደርሶ መልስ መኪና 160 ብር፣ ምሳና ሻይ 80 ብር። ይህ 240 ብር የማንም ደረሰኝ ላይ አይገኝም። እኔ ደብተር ላይ አለ።

የእማዬን መታወቂያ ፎቶ ለብርቄ ላክሁላት። ከእንግዲህ እያየች ፊደል በፊደል ነው የምትሞላው።

ጥር 13

ከተራና ጥምቀት አለፉ። እማዬ ዛሬ ተመልሳ ሄዳ ብሯን ተቀበለች። 32,454፣ ሳንቲም ሳይጎድል። ሌላ 240 ብር ወጣ። ሁለቱ ጉዞ ሲቀነስ ቤቷ የገባው 31,974 ብር ነው። ለአንድ ድርሃም 31.97።

ስሙ ባይሳሳት ኖሮ 32,214 ይሆን ነበር። ሁለቱንም ጻፍኩ። ስህተቱ የእኛ ስለሆነ ሐዋላ ቤቱ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። የደረሰብንን አለመጻፍም ልክ አይደለም።

ጥር 19

በባንክ ተላከ። ብርቄ ደሞዟ የሚገባበት ሒሳብ አላት፤ ከዚያ ወደ እማዬ የባንክ ሒሳብ በስዊፍት፣ ባንኮች ከአገር አገር መልእክት በሚላላኩበት መረብ። የባንኳ ክፍያ ከነቫቱ 52.50 ድርሃም። የቀረው 947.50 ድርሃም ወደ ዶላር ተቀየረ። ዶላሩን የሸጡላት በ3.69 ነው። 256.78 ዶላር።

ከ3.6725 ጋር ሲነጻጸር 3.69 ትንሽ ልዩነት ነው፤ በብር 153 ገደማ። ከሐዋላ ቤቱ 868 ጋር ሳስተያየው ባንኩ ተመን ላይ የዋህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ማታ ባንክ ሊያሸንፍ ነው ብዬ ነበር።

ጥር 26

ብሩ ቅዳሜ ገባ። ዛሬ እኔ ራሴ መሐል ሜዳ ሄጄ ከእማዬ ጋር ቅርንጫፉ ገባን። ሒሳቧ ላይ የገባው 29,932 ብር ነው።

እማዬ «በስንት ነው የጎደለው?» አለችኝ። 4,105 ብር። መቶኛው 12 ነው። ከሐዋላ ቤቱ ከእጥፍ በላይ።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የብርቄ ደረሰኝ 256.78 ዶላር ተላከ ይላል። የእማዬ ሒሳብ መግለጫ 241.78 ዶላር ደረሰ ይላል። መንገድ ላይ ልክ 15 ዶላር ጠፍቷል። ቅርንጫፉ ያለችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ የስዊፍት መልእክቱን ከፍታ አሳየችን። ሦስት መስመር ቀድቼ ወጣሁ።

```
:33B:USD256,78
:71A:SHA
:71F:USD15,
```

የመጀመሪያው መስመር ላኪው ያዘዘው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ክፍያው በማን ላይ እንደሚወድቅ ይናገራል። ሦስተኛው መንገድ ላይ የተቆረጠው ነው። የብርቄ ባንክና የእማዬ ባንክ በቀጥታ አይተዋወቁም። በመካከላቸው የሁለቱንም የዶላር ሒሳብ የያዘ ሌላ ባንክ አለ። እሱም ለድካሙ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ከሚያልፈው ገንዘብ ላይ ነው።

SHA ማለት ክፍያው የጋራ ነው ማለት ነው። ላኪ የራሷን ባንክ ትከፍላለች፣ መንገድ ላይ ያለው ደግሞ ከተቀባይ ይቀነሳል። OUR ቢሆን ኖሮ ብርቄ ሁሉንም እዚያው ትከፍልና 256.78 ሳይነካ ይደርስ ነበር። BEN ደግሞ ሁሉም በተቀባይ ላይ ነው። ቅጹ ላይ ይህ ምርጫ ነበረ። ብርቄ አላየችውም፤ ማንም አልነገራትም።

ጉድለቱን ስበትነው እንዲህ ሆነ። የላኪ ባንክ ክፍያ 1,787 ብር። የዶላር መሸጫ ልዩነት 153 ብር። መንገድ ላይ የተቆረጠው 1,875 ብር። የእማዬ ባንክ ዶላሩን በ123.80 ስለገዛ 290 ብር። ሲደመር 4,105።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው፦ ባንክ ተመን ላይ የወሰደው ሁለቱንም ጫፍ ደምረን 443 ብር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ቁርጥ ክፍያ ነው። ቁርጥ ክፍያ ደግሞ ብርቄ 1,000 ብትልክም 10,000 ብትልክም ያው ነው። ይህን አስምሬበታለሁ፤ እመለስበታለሁ።

የእማዬ ጉዞ 240። ቤት የገባው 29,692 ብር። ለአንድ ድርሃም 29.69።

የካቲት 5

ወደ ዋሌቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ታየኝ። የእማዬ ሲም ካርድ በማን ስም ነው የወጣው? በእኔ። ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ በእኔ መታወቂያ ነው ያወጣሁላት። ስለዚህ በስልኳ የተከፈተው ቴሌብርም ስሙ የእኔ ነው።

ብርቄ የእማዬን ስም ሞልታ ብትልክ ስሙ ስለማይገጥም ሊመለስ ይችላል። በእኔ ስም ብትልክ ደግሞ የእማዬ ገንዘብ በሕግ ፊት የእኔ ይሆናል። ነገ እኔ አንድ ነገር ብሆን እማዬ ምን ይዛ ትጠይቃለች? ስለዚህ እማዬ መታወቂያዋን ይዛ፣ እኔም ተገኝቼ፣ ሲሙን ወደ ስሟ አዛወርን። ግማሽ ቀን ወሰደ። ብዙ አገር ቤት ያሉ እናቶች ስልክ በልጅ ወይም በጎረቤት ስም ነው። ከመላኩ በፊት ይህን ማየት ይበጃል።

በዚያው ሙሉ ምዝገባውን አስጨረስን። ዋሌት ውስጥ ማስቀመጥና በቀን ማውጣት የሚቻለው መጠን እንደ ምዝገባው ደረጃ ነው። በግማሽ ምዝገባ ላይ ያለ ዋሌት 32 ሺህ ብር ላይችል ይችላል።

የካቲት 11

ተላከ። ብርቄ ስልኳ ላይ ባለ የመላኪያ መተግበሪያ፣ አልጋዋ ላይ ሆና። «ክፍያ 0» ይላል። ከሥሩ በትንሹ፣ ለአንድ ድርሃም 32.75 ብር።

ከጥር 6 በፊት ብንሆን ዜሮውን አይተን እናበቃ ነበር። አሁን ግን ብርቄ ራሷ ቀድማኝ ደወለች። «ጋሼ፣ 1,287 ብር ተመኑ ውስጥ አስገብተውታል።» ልክ ናት። 34,037 ሲቀነስ 32,750። መቶኛው 3.8 ነው። እንዲያም ሆኖ ከሐዋላ ቤቱ 1,583 ያንሳል።

ብሩ ከደቂቃዎች በኋላ እማዬ ስልክ ላይ ነበር። ያን ሰዓት ኢንተርኔት አልነበረም። እማዬ ስልኳም የቁልፍ ስልክ ነው። *127# ደውላ ቀሪ ሒሳቧን አየች። ማንበብ ስለሚያስቸግራት ያሬድ፣ የአክስቴ ልጅ፣ አጠገቧ ነበር።

የካቲት 12

ሰፈሯ አጠገብ ባለችው ትንሽ ገበያ ወኪል አለ። በእግር አርባ ደቂቃ ነው፤ መኪና አያስፈልግም። እማዬ 20,000 ለማውጣት ሄደች። ወኪሉ «እማማ፣ ዛሬ ያለኝ 8,000 ነው» አላት።

ይህ የወኪሉ ጥፋት አይደለም። ወኪል ሱቅ ነው እንጂ ባንክ አይደለም። ያለው ጥሬ ገንዘብ ያን ቀን የሸጠበት ነው። ሰሞኑ ደግሞ ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ስለሆነ በግም ዶሮም የሚገዛው ሰው ሁሉ ጥሬ ብር ይፈልጋል። ማስገባት የሚመጣ የለም፤ ማውጣት የሚመጣው ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ሳምንት የወኪል መሳቢያ ቶሎ ይደርቃል።

የካቲት 15

በሦስት ቀን፣ በሦስት ጊዜ 8,000፣ 7,000 እና 5,000 ወጣ። የማውጫ ክፍያው ሦስቱም ተደምሮ 190 ብር ሆነ። ክፍያው እንደሚወጣው መጠን ነው የሚሄደው፤ እየቆራረጡ ማውጣት ይጨምረዋል። የቀረውን 12,560 እማዬ አላወጣችውም። ከፊሉን ለምስርና ለዘይት ባለሱቁ ስልክ ላይ አስተላለፈች፤ ከፊሉ አለ።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ሁለተኛው ቀን ያሬድ አልነበረም። እማዬ የሚስጥር ቁጥሯን ለወኪሉ ነግራ እሱ ነው የመታላት። ሰውየው ታማኝ ነው፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። ግን ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ብሩን ያዘው ማለት ነው። በዚያው ማታ አስቀየርናት። ቁልፎቹን በቦታቸው ማስታወስ ነው ያስተማርናት፣ በቁጥር ስማቸው አይደለም። ከሦስት ሙከራ በኋላ ያዘችው።

ቤት የገባው፣ ስልክ ላይ ያለውም ተቆጥሮ፣ 32,560 ብር። ለአንድ ድርሃም 32.56። እስካሁን ይህ አንደኛ ነው።

የካቲት 21

ሦስቱን አንድ ገጽ ላይ አስቀመጥኩ። ዋሌት 32.56፣ ሐዋላ ቤት 31.97፣ ስሙ ባይሳሳት 32.21፣ ባንክ 29.69። ብርቄ «በቃ፣ ዋሌት ነዋ» አለች።

ቆይ አልኳት። ጥር 26 ያሰመርኩበት አለ። ባንክ የሚጎዳው ቁርጥ ክፍያው ነው፤ ተመኑ ከሦስቱም ይሻላል። ዋሌት ተቃራኒው ነው፤ ቁርጥ ክፍያ የለውም፣ ግን ከእያንዳንዱ ድርሃም ይወስዳል። እንዲህ ከሆነ የገንዘቡ መጠን ሲያድግ ደረጃው መገልበጥ አለበት።

ሠራሁት። የባንኩ ቁርጥ ወጪ፣ መንገድ ላይ ከሚቆረጠው 15 ዶላር ጋር፣ 108 ድርሃም ገደማ ነው። ተመኑ ላይ የሚቀረው 1.4 በመቶ። የሐዋላ ቤቱ ቁርጥ 21 ድርሃም፣ ተመኑ ላይ 2.6 በመቶ። የዋሌቱ ቁርጥ ዜሮ፣ ተመኑ ላይ 3.8 በመቶ።

በእኛ ቁጥር ከ1,750 ድርሃም ገደማ በታች ዋሌት ይረክሳል። ከዚያ በላይ ሐዋላ ቤት። ከ7,300 ገደማ በላይ ባንክ። እነዚህ ድንበሮች የእኛ ናቸው፤ ያን ሰሞን፣ በእነዚያ ቤቶች። ሌላ ሰው በራሱ ደረሰኝ ሲሠራው ድንበሩ ይዛወራል። አሠራሩ ግን ያው ነው። ሁለቱ ቁርጥ ወጪዎች በስንት እንደሚለያዩ ይቀነሳል፣ ተመናቸው በስንት መቶኛ እንደሚለያይ ይቀነሳል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል።

ይህ ለብርቄ የወሬ ነገር አይደለም። ለክዳኑ 8,000 ድርሃም ልትልክ ነው። በዋሌት ብትልከው 262,000 ብር ይደርሳል። በሐዋላ ቤት 264,504። በባንክ 264,782። ወርሃዊው ላይ መጨረሻ የወጣው ባንክ እዚህ ይቀድማል፣ ልዩነቱ ግን 278 ብር ብቻ ነው።

መጋቢት 3

ብርቄ ሐዋላ ቤቱ ሄዳ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ እኔ ያላሰብኩት ነው። «በጥሬ ከሚከፈል ይልቅ ሒሳቧ ውስጥ ብታስገቡላትስ?» ክፍያው ከነቫቱ ወደ 15.75 ድርሃም ወረደ። ተመኑ ደግሞ ወደ 33.30 ወጣ።

ያው ቤት፣ ያው መስኮት፣ ያው ቀን። የሚለየው ብሩ የሚወጣበት መንገድ ብቻ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ጥሬ ብር የሚከፍለው ቅርንጫፍ ለእያንዳንዱ ክፍያ ከሐዋላ ቤቱ ድርሻ ይወስዳል፤ ሠራተኛ ይቆማል፣ መታወቂያ ይመረመራል። ወደ ሒሳብ ሲገባ ይህ ይቀላል። ግን ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው የጥሬው ተመን ነው። ካልጠየቁ አይነገርም።

በዚህ 1,000 ድርሃም 32,776 ብር ይሆናል። ዋሌቱን በ26 ብር በለጠው። 8,000 ደግሞ 265,876 ይሆናል። የባንኩን በ1,094 ብር። የእኔ የ7,300 ድንበር ወደ 12,400 ድርሃም ሸሸ። የካቲት 21 የጻፍኩትን አልሰረዝኩትም፤ ጎኑ ላይ ይህን ጨመርኩበት።

መጋቢት 4

ከብርቄ ጋር ተከራከርን። የእማዬ የመሐል ሜዳ ጉዞ 240 ብር ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?

«እማዬ ለገበያ መሄዷ አይቀርም። ብሩ ሒሳቧ ውስጥ ካለ ገበያ ስትሄድ ታወጣዋለች። ለምን ሐዋላው ላይ ትጭነዋለህ?»

እኔ ደግሞ ወጪ ወጪ ነው ባይ ነኝ። ግን እሷ ልክ ናት። ጥር ላይ እማዬ የሄደችው ለብሩ ብላ ነው፤ ሌላ ጉዳይ አልነበራትም። ስለዚህ 240ውን መቁጠሬ ትክክል ነበር። ገበያ ስትሄድ በዚያው ብሩን ካወጣች ግን አይቆጠርም። በዚህ ስሌት ወደ ሒሳብ የሚገባው 32.78 ሆኖ አንደኛ ይወጣል።

ዋሌቱን አንተወውም። መንገድ በተዘጋ ሳምንት፣ ወይም እማዬ አሟት መንቀሳቀስ ባልቻለች ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ በእግር ያለው ወኪል መኪና ከሚጠይቀው ቅርንጫፍ ይበልጣል። ያኔ በ26 ብር የሚለካ ነገር አይደለም።

መጋቢት 9

የወሩ ተላከ፣ በሐዋላ ቤት ወደ ሒሳብ። ስም ፊደል በፊደል፣ አያት ስም ተሞልቷል። በነጋታው ገባ። 32,776።

ብርቄ ሌላ ሐሳብ አመጣች። «በየወሩ ከምልክ በሦስት ወር አንዴ 3,000 ብልክስ? ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።» አሰላሁት። ሁለት ጊዜ 15.75 ይተርፋል፤ 1,049 ብር ነው በሦስት ወር።

እማዬን ጠየቅናት። አልወደደችውም። «ብዙ ብር ሲመጣ ብድር የሚጠይቀኝ ይበዛል፤ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ልጄ በየወሩ ስትልክ ደግሞ ደህና መሆኗን አውቃለሁ» አለች። ብርቄ ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለችና «እሺ እማዬ፣ በየወሩ» አለች።

1,049ኙን ደብተሩ ላይ ወጪ ብዬ አልጻፍኩትም።

መጋቢት 14

የክዳኑ 8,000 ወደ ሒሳብ ተላከ። ቆርቆሮ የሚሸጠው ሰው ዋጋ የሚቀበለው በባንክ ዝውውር ስለሆነ ጥሬ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ብርቄ ከመክፈሏ በፊት የዚያን ቀን ተመን ከሦስት ቤት ጠይቃ፣ እያንዳንዱን «8,000 ብሰጥህ እናቴ ሒሳብ ላይ ስንት ብር ይገባል?» ብላ በአንድ ቁጥር አስመልሳቸዋለች። ክፍያ ስንት ነው ብላ አልጠየቀችም። መልሶቹን በፎቶ ላከችልኝ፤ የመረጠችውን ከበብ አድርጋበታለች። እኔም ሳሰላው ያው ነበር የወጣው።